የባጃጅ ተራው ተረት፦ ለልጄ ልቧን ያስረዳሁበት መንገድ

ልጃችን አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ የተነገረን። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ሳል እየተመላለሰባት ለሕክምና ስንወስዳት ሐኪሟ ደረቷን ከወትሮው ረዘም አድርጎ አዳመጠና የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለውን፣ አዘዘ። ውጤቱ በልቧ ሁለት የላይኛ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዳለ፣ የቀኝ በኩል ክፍሎቹም ከመጠናቸው እንደሰፉ አሳየ። መጠገን አለበት ተባልን።

ስለ ቀጠሮው፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ገንዘቡ ብዙ ወላጆች ያወራሉ። እኔ የምጽፈው ለልጅቷ ምን ብለን እንደነገርናት ነው። በዚህ በኩል የሚመክረን ሰው አላገኘንም፤ እየወደቅን እየተነሳን ነው የተማርነው።

በመጀመሪያ አንነግራትም ብለን ነበር። ገና ሕፃን ናት፣ ምን ይገባታል አልን። ግን እኛ ባንነግራትም ቤቱ ነገራት። ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤቱም ዘመዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ልጅ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ነው ጆሮውን የሚያቆመው። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ልጆቹ ሲሯሯጡ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ ደረቷን ተጭና አገኘኋት። «ምነው ሚጣ?» ስላት «ከሮጥኩ ደሜ ይፈሳል» አለችኝ። ልቧ እንደተበሳ ሰምታለች፤ ቀዳዳውን በእጇ ይዛ መቀመጧ ነበር። ዝም ማለታችን ከፍርሃት አላዳናትም፤ ፍርሃቱን ብቻዋን እንድትሸከመው ነው ያደረጋት። በዚያው ማታ ተረቱ ተጀመረ።

ከመተረቴ በፊት ግን ነገሩ ለራሴ መግባት ነበረበት። ሐኪሙን ወረቀት ላይ እንዲስልልኝ ለመንኩት፤ ይህን ለማንኛውም ወላጅ እመክራለሁ። አራት ሳጥን ሣለ፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። አየሩን አድርሶ የሚመለሰው ደም በቀኝ በኩል ገብቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባ አየር ይዞ በግራ በኩል ይመለስና ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ሁለቱ ወገኖች በግድግዳ የተለያዩ ናቸው። ግድግዳው ክፍት ከሆነ ከሳንባ የተመለሰው ደም ከፊሉ፣ የቀኙ ወገን ለስለስ ያለና ቶሎ የሚለጠጥ ስለሆነ፣ ወደዚያ ሾልኮ እንደገና ወደ ሳንባ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ በጨቅላነት ከታየ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ ከ8 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ግን በራሱ መዘጋቱ ብርቅ ነው። «ስታድግ ይደፈናል» ለሚሉን ዘመዶች ይህቺ ቁጥር መልስ ሆነችን።

አጎቷ ባጃጅ ነጂ ነው። ሚጣ ከፊት ወንበር ጠርዝ ተቀምጣ ከተማውን ያዳረሰች ልጅ ናት፤ ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ ባዶ መመለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ተረቱን እዚያው ከምታውቀው ቦታ አነሳሁት። ለሚፈልግ ሰው እንዲሆን እንዳለ ልጻፈው፦

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«ደረትሽ ውስጥ፣ መሐል ላይ፣ የተጨበጠ እጅሽን የሚያህል አንድ የባጃጅ ተራ አለ። ስሙ ልብ ነው። ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። ባጃጆቹ ደምሽ ናቸው፤ ተሳፋሪያቸው ደግሞ አንቺ ስትተነፍሺ የምታስገቢው አየር ነው። በተራው መሐል ግንብ አለ። ከግንቡ በስተቀኝ ባዶ ባጃጆች ይገባሉ። እነሱ እግርሽ ጋ፣ እጅሽ ጋ፣ ጭንቅላትሽ ጋ ተሳፋሪ አድርሰው የተመለሱ ናቸው። በቀኝ በር ወጥተው ሳንባ ወደሚባለው ሰፈር ይሄዳሉ። እዚያ አየር ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ይጭኑና በግራ በኩል ይመለሳሉ። የግራው ተራ አስከባሪ ጉልበተኛ ነው፤ 'ሂዱ!' ብሎ ሲገፋቸው እስከ እግር ጣትሽ ይደርሳሉ። በሮቹ በተዘጉ ቁጥር ድብ፣ ድብ ይላሉ። ስትሮጪ እግርሽ ብዙ አየር ስለሚፈልግ በሮቹ ይፈጥናሉ።

«አንቺ እማዬ ሆድ ውስጥ ሳለሽ አትተነፍሺም ነበር፤ አየሩን የምትልክልሽ እማዬ ነበረች። ስለዚህ ባጃጆቹ ሳንባ ሰፈር የሚያስኬድ ብዙ ሥራ አልነበራቸውም፤ በግንቡ ላይ በተተወች መተላለፊያ በአቋራጭ ያልፉ ነበር። ሆድ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ይህቺ መተላለፊያ አለችው፤ እኔም ነበረችኝ። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ ትዘጋለች። ያንቺ ግን መዝጊያው አጠረና ክፍት ቀረች። ማንም አልሰበራትም። አንቺም አላጠፋሽም፣ እማዬም አላጠፋችም።

«አሁን ተሳፋሪ ጭነው ወደ እግርሽ መሄድ ያለባቸው አንዳንድ ባጃጆች በክፍቷ ሾልከው ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። ከባዶዎቹ ጋር ተሰልፈው እንደገና ሳንባ ሰፈር ይሄዳሉ። ሞልተው ሄደው ሞልተው ይመለሳሉ፤ በከንቱ ዞሩ። በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ይጨናነቃል፣ ይለጠጣል። ሳንባ ሰፈር የሚወስደው መንገድም ይጨናነቃል። የቀኙ ተራ አስከባሪ ብዙ ይሠራል፣ ይደክመዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ግንቡን ይጠግኑታል። ከዚያ በኋላ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ ይሄዳል።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ተረቱ ሲያልቅ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ታደርጋለች፣ እኔ ደግሞ የእሷ ላይ። ድብ ድብ የሚለው የእውነት የበሮች ድምፅ ነው፤ በልብ ውስጥ ያሉት ክዳኖች ሲዘጉ የሚሰማ። የእሷ በደቂቃ መቶ አካባቢ፣ የኔ ሰባ አካባቢ ይመታ ነበር። «የኔ ባጃጆች ያንተን ይቀድማሉ» እያለች ትኮራለች።

ከተረቱ ይልቅ ያስተማረኝ የእሷ ጥያቄ ነው። ልጅ የሚጠይቀው ያልገባውን ብቻ ሳይሆን የፈራውንም ጭምር ነው። «በቀዳዳው ደሙ ወደ ውጭ ይወጣል?» አለች። አይወጣም፤ ቀዳዳው ከክፍል ወደ ክፍል እንጂ ወደ ደጅ አይደለም። እሷን ከደረጃው ያስነሳት ይህ መልስ ነው፤ በነጋታው ሮጠች። (በእኛ በኩል ሐኪሙን መሮጥ ትችል እንደሆነ ጠይቀን፣ ትችላለች ተብለን ነበር። እናንተም ጠይቁ፤ ሁሉም የልብ ችግር አንድ አይደለም።) «እናንተን የምወድበት ነገር በቀዳዳው ሾልኮ ይጠፋል?» ብላም ጠየቀች። እናቷ ናት የመለሰችላት፦ «ፍቅርሽ ባጃጅ አይሳፈርም።» «ባጃጆቹ ቢጋጩስ?» ስትል ግን ተረቱ እንደማይበቃ ገባኝ። ያን ጊዜ ከተረቱ ወጥቼ፣ «ደም ፈሳሽ ነው፣ እንደ እውነተኛ ባጃጅ አይጋጭም፤ ባጃጅ ያልኩሽ እንዲገባሽ ነው» አልኳት። ምሳሌ የማያደርስበት ቦታ ላይ ሲደረስ ለልጅ በግልጽ መንገር ይሻላል፤ ምሳሌውን ስንለጥጠው አዲስ ፍርሃት ይዞ ይመጣል።

ያስቸገረኝ ግን አንዱ ጥያቄ ነበር። «ትንሽ ቀዳዳ ከሆነች፣ ምንም ካላመመኝ፣ ለምን ትጠገናለች?» አዋቂውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እኔም ለሐኪሙ ያቀረብኩት ይኸው ነው። ልጅቷ አልጠቆረችም፣ ትጫወታለች፣ ትበላለች። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትንሽ የምንላት ቀዳዳ የተጨበጠ እጅ በሚያህል ልብ ውስጥ ስትታይ ትንሽ አይደለችም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ቀዳዳ በልጅነት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የሚናገረው ሰውየው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ሲደርስ ነው፦ የልብ ምት መዛባት፣ ድካም፣ እብጠት። በአንዳንዱ ላይ ደግሞ የሳንባ ደም ሥሮች ለዓመታት ከመጠን በላይ ደም ሲያሳልፉ ቆይተው ይጠነክራሉ፤ ግፊቱ እጅግ ከፍ ካለ በኋላ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ አደገኛ ይሆናል። ለእሷ ያልኳት አጭር ነው፦ «ዛሬ ተራ አስከባሪው አልደከመውም። ሲደክመው ጠብቀን አንጠግንም፤ ሳይደክመው ነው።» ገባት። ለአያቷም ያስረዳኋቸው በዚሁ ቃል ነው፣ ገባቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ቀኑ ሲቃረብ አያቷ በቅን ልብ፣ ልጅቷ መኝታ ላይ ሆና ሳለ «አይዞሽ፣ ያስተኙሽና ሳታውቂው ይቀድዱሻል» አሏት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጅቷ አልተኛ አለች። ዓይኗ ሊከደን ሲል ትባንናለች። ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው፦ ከተኛች ሳታውቀው የሚቆርጣት ሰው ይመጣል ብላለች። ማደንዘዣን እንቅልፍ ብሎ መጥራት ለእኛ ማለስለሻ ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን የገዛ አልጋዋን የሚያስፈራ ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። የልቡን ተረት ለማታ ተውነው፤ የቀዶ ሕክምናውን ወሬ ግን ወደ ቀን አወጣነው፣ ከቁርስ በኋላ፣ ብርሃን ባለበት፣ ፈልጋ ከሰለቻት ተነስታ የምትጫወትበት ሰዓት ላይ። ሁለተኛ፣ ማደንዘዣውን «የመድኃኒት እንቅልፍ» አልነውና ከሌሊቱ እንቅልፍ በምን እንደሚለይ አንድ በአንድ ነገርናት። ቤት ውስጥ አይመጣም፤ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ፣ ሐኪም ሲሰጥ ብቻ። ሰው ቢነካሽ አትነቂም፣ ምንም አይሰማሽም። የሚሰጠው ሐኪም እስከ መጨረሻው ራስጌሽ ሆኖ ይጠብቅሻል። መድኃኒቱን ሲያቆም ትነቂያለሽ። እንቅልፏ ወዲያው ባይሆንም ተመለሰ።

ጊዜውም ቁምነገር አለው። የልብን ሥራ ከወራት በፊት ብትነግሩት ልጅ አይጎዳም፣ እየደጋገመ ይለምደዋል። ስለ መርፌውና ስለ ቢላው ግን በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ሳምንት ሲቀረው መንገር ይበቃል። ከዚያ በፊት ከተነገረው በጭንቀት ይከርማል።

ሁሉም ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና አይዘጋም። በብሽሽት ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በቱቦው ጫፍ በሚሄድ መዝጊያ ደረት ሳይከፈት የሚዘጋው ብዙ ነው። ለዚያ ግን መዝጊያው የሚይዘው በቂ ጠርዝ በቀዳዳው ዙሪያ ያስፈልጋል፤ የእኛ ልጅ በታችኛው በኩል ጠርዙ ስላነሰ ቀዶ ሕክምና ተወሰነላት። የታከመችው አዲስ አበባ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የጀመሩት ሥራ ፍሬ በሆነው፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከል ነው። ከሐዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ስልካችሁ ክፍት ይሁን፣ የምትደርሱበትን ጊዜ አስቀድማችሁ አስሉ፤ ወረፋ ሲደርስ ቶሎ ኑ ሊባል ይችላል።

በቀን የነገርናት ይህን ነው፦ «ጠዋት ቁርስ የለም። ሆድሽ ባዶ ካልሆነ የመድኃኒት እንቅልፉ ያስቸግራል። ከተኛሽ በኋላ ሐኪሙ ደረትሽን ከፍቶ ግንቡን ያያል። ሲሠራ ተራው ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ የተራውን ሥራ አንድ ማሽን ይሠራልሻል፣ እግርሽም ጭንቅላትሽም አየር አያጡም። ለክፍቷ መድፈኛ የሚሆን ቁራጭ ከራስሽ ነው የሚወስዱት፤ ልብሽን ከሸፈነው ስስ ከረጢት ላይ። ይሰፉታል። ስትነቂ ደረትሽ ያማል። ሲያምሽ ተናገሪ፣ የሚያስታግስ መድኃኒት አላቸው።»

መድፈኛው ከራሷ መሆኑ ደስ አላት፤ የሌላ ሰው ነገር እንዳይገባባት ፈርታ ኖሯል። «አያምም» ያለማለታችንም ጠቅሞናል። ለአንዲት መርፌ የዋሸ አባት ለቀዶ ሕክምና አይታመንም።

ስትነቃ ስለሚሆነው የበለጠ ብንነግራት ደግ ነበር እላለሁ። የጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ገና ጉሮሮ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ያኔ ድምፅ አይወጣም፤ ከደረት ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ አለ፤ ማሽኖች ይጮኻሉ። ድምፅ ካልወጣላት ጣታችንን እንድትጨብጥ አስቀድመን ተስማምተን ነበር፣ አንዴ ከሆነ አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይደለም። ያልነገርናት ጥሙን ነው። ልብ እንዳይጨናነቅ ሲሉ በመጀመሪያው ቀን ውኃ የሚሰጡት በትንሽ በትንሹ ነው። ልጅቷ ከቁስሉ ይልቅ ለውኃ ነው ያለቀሰችው፤ እኛም ከሐኪሞቹ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረን። እንዲሁም «ሁሌም አጠገብሽ ነኝ» አትበሉ። ወላጅ ወደ ጽኑ ክፍል የሚገባበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ፣ «ስትነቂ ነርሷ ትኖራለች፣ እኛ ቀጥሎ እንገባለን» በሉ።

ቤት ስንመለስ ትልቁ ሥራ ጠያቂን መቆጣጠር ሆነ። የተከፈተው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ልጁ በብብቱ ተይዞ መነሳት የለበትም፤ አንድ እጅ ከመቀመጫው፣ አንድ እጅ ከጀርባው ሥር አድርጎ ማቀፍ ነው። እንኳን ማረሽ ብሎ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ብብት ይዞ ወደ ላይ ማንሳት ነው! ሚጣ ራሷ በር ላይ ቆማ፣ «ግንቤ ገና እርጥብ ነው፣ አታንሱኝ» ማለት ጀመረች። እኛ ብንል የሚከፋው ሰው ከእሷ አፍ ሲሰማ እየሳቀ ይቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት መጣባት፤ ምግብ አስጠላት፣ ደከመች፣ ስትተኛ ደረቴን አለች። ስንወጣ ይህ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮን ስለነበር ጉንፋን ነው ብለን አልቆየንም። ልብ ከተነካ በኋላ ዙሪያውን ያለው ከረጢት ይቆጣና ውኃ ይቋጥራል፤ ይህን የመሰለ ቀዳዳ ከተዘጋ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚታይ የታወቀ ነገር ነው። ኢኮ ሲታይ ትንሽ ውኃ ተገኘ፣ በመድኃኒት ጠፋ። ሳይታይ ውኃው ቢበዛ ግን ልብን ይጫናል። ትኩሳት፣ ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም ካያችሁ በዚያው ቀን ውሰዱት። እሷ የፈራችው «ተሰንጥቆ ተከፈተ?» ብላ ነው። «ግንቡ ደህና ነው፣ የተቆጣው አጥሩ ነው» አልናት።

ትምህርት ቤት ስትመለስ ለመምህርቷ የነገርናት ጥቂት ነው፦ እስከ ተባለው ቀን መገፋፋትና መንጠላጠል የለም፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛዋም ልጅ ትታይ። ጥርሷን ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው ያሳከምናት፤ የተበላ ጥርስ ውስጥ ያለ ጀርም በደም ተጉዞ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላልና አስቀድሞ ማሳየቱ ይሻላል። ከጥገናው በኋላም ለስድስት ወር፣ ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ድድ የሚያደማ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት፤ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል።